ስልክ ሳይዙ በአውራ ጎዳና ላይ ያሉበትን ቦታ ማወቅ፦ የወረቀት አትላስና የኪሎ ሜትር ድንጋይ አጠቃቀም

«ረጅም መንገድ ልሄድ ነው፤ መሀል ላይ ኔትወርክ ቢጠፋ የት እንደደረስኩ በምን አውቃለሁ?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣልኛል። ብዙውን ጊዜ ጠያቂው መኪናው ውስጥ አትላስ አለው፤ በመንገዱ ዳርም የኪሎ ሜትር ድንጋይ ተተክሏል። የቸገረው ሁለቱን ማገናኘት ነው። ድንጋዩ 317 ይላል፤ አትላሱን ገልጦ ቢያይ ግን 317 የሚባል ቁጥር የትም የለም። ይህ መመሪያ ሁለቱ እንዴት እንደሚገናኙ ያሳያል።

እዚህ ላይ «ድንጋይ» ስል በየኪሎ ሜትሩ የሚተከለውን ምልክት ሁሉ ማለቴ ነው፤ ድንጋይም ይሁን አጭር ምሰሶ ወይም ትንሽ የብረት ሰሌዳ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የመንገድ አትላስ። ለዚህ ሥራ 1፡500,000 መስፈርት ያለው ይመረጣል፤ በዚህ መስፈርት 1 ሴንቲ ሜትር 5 ኪሎ ሜትር ነው። 1፡1,000,000 የሆነውም ያገለግላል፤ በእሱ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር 10 ኪሎ ሜትር ነው።
- እርሳስና ማስታወሻ ደብተር። እስክሪብቶ አይሁን፤ በጉዞ ላይ የሚታረም ቁጥር አለ።
- 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ቀጭን ክር እና ማስመሪያ።
- ትንሽ የእጅ ባትሪ።
- የመኪናው የጉዞ ኪሎ ሜትር ቆጣሪ፣ ማለትም ወደ ዜሮ የሚመለሰው።

ማስጠንቀቂያ፦ አትላሱን የሚያነበውና ቁጥር የሚጽፈው ከሹፌሩ ጎን የተቀመጠው ሰው ነው። ብቻችሁን ከሆናችሁ ከመንገዱ ወጥታችሁ ለመቆም የሚያስችል ሰፊ ቦታ እስክታገኙ ጠብቁ። የድንጋዩን ቁጥር ለማየት ብላችሁ ፍጥነት አትቀንሱ፤ አንዱ ቢያመልጣችሁ ከአንድ ኪሎ ሜትር በኋላ ሌላው ይመጣል።

አሠራሩ

1. ከመነሳታችሁ በፊት የአትላሱን ቁጥሮች ደምሩ።

አትላስ ላይ በመንገዱ መስመር ጎን በትንንሹ የተጻፉ ቁጥሮች አሉ። እያንዳንዱ ቁጥር በሁለት ምልክቶች መካከል ያለውን ርቀት ይናገራል፤ ምልክቶቹም ብዙ ጊዜ በከተማ ወይም በመገንጠያ ላይ የተሰካች መርፌ ወይም ትንሽ ሦስት ማዕዘን ይመስላሉ። እነዚህን ከመነሻችሁ ጀምራችሁ እየደመራችሁ ጻፉ። እስከ መመሪያው መጨረሻ ይዘነው የምንሄደው ምሳሌ ይህ ነው፤ በአትላሱ ላይ በተከታታይ 38፣ 23፣ 43፣ 48 እና 46 ተጽፏል፦

- መነሻ ከተማ፦ 0
- አንደኛ ከተማ፦ 38
- መገንጠያ፦ 61
- ሁለተኛ ከተማ፦ 104
- ሦስተኛ ከተማ፦ 152
- መድረሻ፦ 198

ይህን ዝርዝር «የአትላስ ቁጥር» እንበለው። መደመሩ የሚጠቅመው፣ በመንገዱ ላይ ያለ ማንኛውም ቦታ አንድ የራሱ ቁጥር እንዲኖረው ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በቀለም ነው። በርካታ አትላሶች ርቀትን በሁለት ቀለም ያትማሉ፤ አንዱ ቀለም አጫጭር ርቀቶችን፣ ሌላው ደግሞ በትልልቅ ከተሞች መካከል ያለውን ድምር ርቀት ይሰጣል። ሁለቱን ቀላቅሎ የደመረ ሰው መንገዱን እጥፍ ያደርገዋል። የትኛው ቀለም የትኛው እንደሆነ በአትላሱ መጀመሪያ ባለው የምልክቶች መግለጫ ላይ እዩ። መለኪያው ኪሎ ሜትር ወይስ ማይል እንደሆነም እዚያው ይገኛል።

2. ድንጋዩ የሚቆጥረው ከየት እንደሆነ እወቁ።

ዋናው ነገር ይህ ነው። የድንጋዩ ቁጥር ከእናንተ መነሻ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጥረው ያ መንገድ ራሱ ከሚጀምርበት ቦታ ነው፤ ያ ቦታ ደግሞ እናንተ ከተነሳችሁበት በመቶ ኪሎ ሜትሮች ሊርቅ ይችላል። በአንዳንድ ቦታ ደግሞ ድንጋዩ የሚናገረው ወደፊት ያለው ከተማ ስንት ኪሎ ሜትር እንደቀረው ነው።

ለመለየት ሦስት ድንጋይ በተከታታይ ማየት ይበቃል። ቁጥሩ በአንድ በአንድ እየጨመረ ነው ወይስ እየቀነሰ? ከዚያ አንድ ከተማ አልፋችሁ እንደገና እዩ። ቆጠራው ከተማውን አልፎ ከቀጠለ፣ ድንጋዩ የመንገዱን ርቀት እየቆጠረ ነው። ከተማው ላይ ዜሮ ደርሶ እንደገና ከትልቅ ቁጥር ከጀመረ ግን የከተማ ርቀት ነው፤ በዚህ ጊዜ ቁጥሩን ከከተማው ስም ጋር አብራችሁ ጻፉ። የአንዳንድ ድንጋይ ሁለቱ ፊት የተለያየ ቁጥር ይይዛል። ስለዚህ ሁልጊዜ ወደ እናንተ የዞረውን ፊት ብቻ አንብቡ፤ ዞር ብላችሁ የኋላውን ያያችሁ እንደሆነ ከቀደሙት ጋር አትቀላቅሉት።

ይህን ደረጃ የማጠብቀው በራሴ ስለደረሰ ነው። አንድ ጊዜ ማታ በዝናብ መኪናዬ ቆሞ ድንጋዩ ላይ ያየሁትን ቁጥር በአላፊ መኪና ላክሁ። እኔ ካለፍኩት ከተማ የተቆጠረ መስሎኝ ነበር፤ ቁጥሩ ግን ከፊቴ ላለው ከተማ የቀረውን የሚናገር ነበር። ሊጎትተኝ የመጣው ሰው ከእኔ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሲፈልገኝ አደረ።

3. አንድ ማሰሪያ ቦታ መርጣችሁ ልዩነቱን አስሉ።

ማሰሪያ የምለው አትላሱ ላይም መሬት ላይም በማያሻማ ሁኔታ የምታውቁትን ቦታ ነው፤ መገንጠያ ወይም ትልቅ ድልድይ። ከተማ ጥሩ ማሰሪያ አይሆንም፤ ከመግቢያው እስከ መውጫው ሦስት አራት ኪሎ ሜትር ሊኖረው ይችላልና አትላሱ የቆጠረው እስከ የትኛው ነጥቡ እንደሆነ በዓይን አይለይም።

በምሳሌያችን አንደኛው ከተማ መሀል ስንደርስ ድንጋዩ 213 አለ። 213 ሲቀነስ 38፣ 175 ነው። መገንጠያው ላይ ደግሞ 235 አለ። 235 ሲቀነስ 61፣ 174 ነው። የአንድ ኪሎ ሜትሩ ልዩነት የመጣው «የከተማው መሀል» በግምት ስለተያዘ ነው፤ ስለዚህ የምናምነው መገንጠያውን ነው። ልዩነታችን 174 ሆነ።

ከዚህ በኋላ የትኛውም ድንጋይ ላይ ካለው ቁጥር 174 ስትቀንሱ የአትላስ ቁጥሩን ታገኛላችሁ። በየትኞቹ ሁለት ከተሞች መካከል እንዳላችሁ፣ ከኋላችሁ ስንት እንደተሄደና ከፊታችሁ ስንት እንደቀረ ወዲያው ይታያል።

የድንጋዮቹ ቁጥር እየቀነሰ የሚሄድ ከሆነ ስሌቱ መደመር ይሆናል። የአትላስ ቁጥር ወደ ላይ ሲወጣ የድንጋዩ ወደ ታች ስለሚወርድ፣ የሁለቱ ድምር ነው የማይለወጠው። ለምሳሌ አትላሱ 61 ባለበት ድንጋዩ 317 ቢል ድምሩ 378 ነው፤ በኋላ 300 የሚል ድንጋይ ስታዩ አትላሱ ላይ 78 ላይ ናችሁ ማለት ነው።

4. የመኪናውን ቆጣሪ ፈትኑ።

ድንጋይ በሌለበት ወይም በሳር በተሸፈነበት ቦታ የምትተማመኑት ቆጣሪውን ነው፤ ስለዚህ አስቀድሞ መፈተን አለበት። አንድ ድንጋይ ጎን ስትደርሱ ወደ ዜሮ መልሱት፤ ከዚያ አሥረኛው ድንጋይ ላይ አንብቡ። 10.2 ካለ ቆጣሪው በመቶ ሁለት ያህል አብዝቶ ይቆጥራል። ያለቀ ጎማ ወይም ከመኪናው ጋር ያልመጣ መጠን ያለው ጎማ እንዲህ ያደርጋል፤ ጎማው ሲያንስ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ብዙ ጊዜ ይዞራል። በ5 ኪሎ ሜትር ውስጥ ይህ ስህተት 100 ሜትር ብቻ ነው፤ በ50 ኪሎ ሜትር ግን አንድ ሙሉ ኪሎ ሜትር ይሆናል።

ቆጣሪው የማይሠራ ከሆነ በሰዓት ይተካል። ፍጥነታችሁን ሳትለውጡ ከአንድ ድንጋይ እስከ ቀጣዩ ስንት ሴኮንድ እንደሚፈጅ ቁጠሩ፤ 3,600ን ለሴኮንዱ ስታካፍሉ ትክክለኛውን ፍጥነት በሰዓት ታገኛላችሁ። 48 ሴኮንድ ከፈጀ 75 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን የፍጥነት መርፌ ግን ለዚህ አትጠቀሙበት፤ አብዛኛው መርፌ ከእውነተኛው ፍጥነት ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ በእሱ ካሰላችሁ ከደረሳችሁበት አልፋችሁ የሄዳችሁ ይመስላችኋል።

5. በየማሰሪያው ቆጣሪውን ወደ ዜሮ መልሱ፤ በየአምስት ድንጋዩ ጻፉ።

ሁሉንም ድንጋይ መጻፍ ያሰለቻል፤ የሰለቸ ሰው ደግሞ ይተዋል። በ0 እና በ5 የሚያልቁትን ብቻ ከቆጣሪው ንባብ ጋር ጎን ለጎን መዝግቡ። ሌሎቹን ግን ዓይናችሁ ይከተላቸው፤ የሚቀጥለው ደረጃ የሚሠራው በዚያ ነው።

6. ቁጥሩ ሲዘል ሦስቱን ምስክሮች አነጻጽሩ።

ሁለተኛው ከተማ በአትላስ 104 ነው። ልዩነቱ 174 ስለሆነ ድንጋዩ 278 እንዲል እንጠብቃለን። ደርሰን ስናይ 283 ይላል። የት ነው የተሳሳትነው?

ድንጋዩን ብቻ ወይም አትላሱን ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ። ሦስተኛው ምስክር ቆጣሪው ነው። መገንጠያው ላይ ዜሮ አድርገነው ነበር፤ አሁን 43.9 ይላል። በመቶ ሁለት አብዝቶ እንደሚቆጥር ስለምናውቅ እውነቱ 43 ነው። አትላሱም ከመገንጠያው እስከ ሁለተኛው ከተማ 43 ነው የሚለው። ድንጋዮቹ ግን ከ235 እስከ 283፣ 48 ቆጥረዋል። ሁለቱ ተስማምተዋል፤ የዘለለው ድንጋዩ ነው።

ይህ የሚሆነው መንገዱ በኋላ ሲቃና ነው። ጠመዝማዛው ክፍል በቀጥታ መስመር ሲተካ መንገዱ ያጥራል፤ ከዚያ ወዲያ ያሉት ድንጋዮች ግን ሁሉም ተነቅለው ስለማይታደሱ የድሮ ቁጥራቸውን ይዘው ይቀራሉ። በመጋጠሚያው ላይ ከ251 ቀጥሎ 257 ይመጣል፤ በዓይኑ ሲከተል የነበረ ሰው እዚያው ያየዋል። ከዚህ ቦታ በኋላ ልዩነቱ 174 መሆኑ ቀርቶ 283 ሲቀነስ 104፣ 179 ይሆናል። አሮጌውን ቁጥር ሳትፋቁ አዲሱን ከየትኛው ድንጋይ ጀምሮ እንደሚሠራ አድርጋችሁ ጻፉ።

ፍርዱ ሌላም ሊሆን ይችላል። ድንጋዩና ቆጣሪው ተስማምተው አትላሱ ብቻ ከተለየ፣ እናንተ የሄዳችሁት ከተማውን በሚዞረው አዲስ መንገድ ነው፤ አትላሱ ግን የቆጠረው በመሀል ከተማ የሚያልፈውን ነው፤ ወይም አትላሱ የታተመው አዲሱ መንገድ ሳይሠራ ነው። የድንጋዩ ቁጥር በድንገት ወደ ትንሽ ቁጥር ከወረደ ደግሞ ሌላ መንገድ ላይ ገብታችኋል፤ የመንገዱ መለያ ቁጥር ተለውጦ እንደሆነ እዩ። በክልል ወይም በአገር ድንበር ላይም ቆጠራው ከዜሮ ሊጀምር ይችላል። ሁሉም ዘንድ መፍትሔው አንድ ነው፦ ቀጣዩን ማሰሪያ ፈልጋችሁ ልዩነቱን እንደ አዲስ አስሉ።

7. በሁለት ቦታዎች መካከል ስትቆሙ ቦታውን ካርታው ላይ አውጡ።

መኪናው ቆመ እንበል። የመጨረሻው መዝገባችን «315፣ ቆጣሪ 32.6» ይላል፤ ቆጣሪውን ሁለተኛው ከተማ ላይ ዜሮ አድርገነው ነበር። አሁን ቆጣሪው 37.1 ነው። ልዩነቱ 4.5 ነው፤ በመቶ ሁለቱን ስንቀንስ 4.4 ይሆናል። ስለዚህ ያለነው በድንጋይ ቆጠራ 319.4 ላይ ነው። 179 ሲቀነስ የአትላስ ቁጥራችን 140.4 ሆነ። ከሁለተኛው ከተማ 36.4 ተጉዘናል፤ ሦስተኛው ከተማ 11.6 ይቀረዋል።

አሁን ክሩን አውጡ። በካርታው ላይ የመንገዱን ጥምዝ እየተከተላችሁ ከሁለተኛው እስከ ሦስተኛው ከተማ ዘርጉት፤ ከዚያ በማስመሪያ ለኩት። 8.6 ሴንቲ ሜትር ሆነ። በመስፈርቱ ቢሰላ 43 ኪሎ ሜትር ነው፤ የታተመው ቁጥር ግን 48 ይላል። ስህተት የለም። ትንንሾቹ ጠመዝማዛዎች በዚህ መጠን ሊሳሉ ስለማይችሉ ሠዓሊው አቃንቷቸዋል፤ በተራራማ ቦታ ልዩነቱ ይሰፋል። ስለዚህ መስፈርቱን ተዉና የዚያን ክፍል የራሱን ስሌት ውሰዱ፤ 48 ለ8.6 ሲካፈል በዚህ ክፍል 1 ሴንቲ ሜትር 5.6 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የቀረን 11.6 ኪሎ ሜትር በክሩ ላይ 2.1 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ከሦስተኛው ከተማ በክሩ 2.1 ሴንቲ ሜትር ወደኋላ ተመልሳችሁ በእርሳስ ነጥብ አድርጉ።

8. ነጥቡን በዙሪያችሁ ባለው ነገር አረጋግጡ።

በካርታው ላይ ከሦስተኛው ከተማ በክር 2.7 ሴንቲ ሜትር ወደኋላ መንገዱ ወንዝ ያቋርጣል። በ5.6 ሲባዛ 15 ኪሎ ሜትር ነው፤ የአትላስ ቁጥሩ 137፣ የድንጋዩም 316 መሆን አለበት። ድልድዩን ስንሻገር የትኛውን ድንጋይ ነበር ያየነው? ጎን የተቀመጠው ሰው «316ን እንዳለፍን ተሻገርን» ካለ ስሌቱ ትክክል ነው። ድልድዩ ገና ካልመጣ ወይም ከአሥር ኪሎ ሜትር በፊት ካለፈ ግን ልዩነቱ አንድ ቦታ ተዛብቷል፤ ወደ ስድስተኛው ደረጃ ተመለሱ።

ከዚህ ዘዴ የምትጠብቁት ትክክለኛነት የታወቀ ይሁን። ድንጋይና ቆጣሪ ሲተባበሩ ጥቂት መቶ ሜትር ነው። ክር ብቻ ሲሆን አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር ይሳሳታል። ሰው የሚመጣላችሁ ከሆነ ስለዚህ የምትነግሩት የድንጋዩን ቁጥር ነው፤ ክሩ ለራሳችሁ መንገድ መምረጫ ይሁን።

እርዳታ ስትጠይቁ

አራት ነገር አንድ ላይ ይነገር፦ የመንገዱ መለያ ቁጥር፣ የድንጋዩ ቁጥር፣ ወደ የትኛው ከተማ ትሄዱ እንደነበር፣ እና ቅርብ የሆነው የታወቀ ቦታ። በምሳሌያችን እንዲህ ይሆናል፦ «በዚህ ቁጥር መንገድ፣ 319ኛውን ድንጋይ 400 ሜትር አልፈን፣ ወደ ሦስተኛው ከተማ አቅጣጫ፣ ድልድዩን ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ አልፈን ቆመናል።» አቅጣጫው ካልተነገረ መሀሉ በተከፈለ መንገድ ላይ እርዳታው በሌላኛው በኩል ያልፋችኋል። ድልድዩ የሚነገረው ደግሞ የድንጋዩ ቁጥር በስልክ ወይም በአፍ ሲተላለፍ ቢዛባ የሚያርመው እንዲኖር ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ቁጥሩን ለማረጋገጥ ብላችሁ ፈጣን መኪና በሚበዛበት አስፋልት ዳር ወደኋላ በእግር አትመለሱ። ከመኪናው ወርዳችሁ ከመንገዱ ራቅ ብላችሁ ቁሙ፤ የቆጣሪው ስሌት ይበቃል።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

የአትላስ ገጽ ሲያልቅ ቀጣዩ ገጽ የግድ ቀጣዩ ቁጥር ያለው አይደለም፤ በጠርዙ ላይ ወደየትኛው ገጽ እንደሚሄድ ተጽፏል። በገጾቹ ጠርዝ ላይ ያለው የካርታ ክፍል በሁለቱም ገጾች ላይ ይደገማል። እዚያ የሚታየውን ርቀት ሁለት ጊዜ የደመረ ሰው ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይዛባበታል። የከተማ ካርታ በትንሽ ሳጥን ውስጥ ከገባ ደግሞ መስፈርቱ ከገጹ የተለየ ነው፤ ክሩን በገጹ መስፈርት አትለኩበት።

ሌላው በከተማ ውስጥ ቁጥር መያዝ ነው። በከተማ ውስጥ ድንጋዮች ይነቀላሉ፣ በግንባታ ይሸፈናሉ። ከከተማው ወጥታችሁ ሁለት ድንጋይ በተከታታይ ሳታዩ ልዩነቱን አታስተካክሉ።

ስትመለሱ ዝርዝሩን አትጣሉት። የአትላስ ቁጥሩን አሁንም ከመጀመሪያው መነሻ እንደተቆጠረ ከተዋችሁት፣ 179 እና 174 የሚሉት ልዩነቶች በመልሱ ጉዞ ላይም ያው ናቸው፤ ዝርዝሩን ከታች ወደ ላይ ማንበብ ብቻ ነው። መሀሉ በተከፈለ መንገድ ላይ የሁለቱ አቅጣጫ ድንጋዮች ጎን ለጎን ላይተከሉ ስለሚችሉ ግን በመጀመሪያው ማሰሪያ ላይ አንድ ጊዜ አረጋግጡ።